ሎሚው አንድ፣ ዘይቱ ሁለት

ጥያቄ፦ «ደብረ ብርሃን ውስጥ በእጅ ሳሙናና የቆዳ ቅባት እሠራለሁ። እንደ አረቄ ማውጫ ያለ ማፍያ በቆርቆሮ ሠሪ አስበጅቼ ከጦስኝና ከነጭ ባሕር ዛፍ ጥሩ ዘይት አውጥቻለሁ። ከሸዋ ሮቢት ያስመጣሁትን ሎሚ ስሞክር ግን ዘይቱ እንደ ውኃ የጠራ ሆነ፤ የልጣጩም ሽታ የለውም። አዲስ አበባ የገዛሁት የሎሚ ዘይት ደግሞ ወደ ቢጫ አረንጓዴ ያደላል፤ ሽታው የልጣጩ ሽታ ነው። የትኛው ነው ትክክለኛው? ለቅባቴስ የትኛውን ልጠቀም? ከጠምበለል አበባም ዘይት ማውጣት ፈልጌ ነበር።»

ምላሽ፦

ሁለቱም ትክክለኛ የሎሚ ዘይቶች ናቸው። የእርስዎ በእንፋሎት የወጣ፣ የገዙት ደግሞ ያለ ሙቀት ተጨምቆ የወጣ ይመስለኛል። ከአንድ ዛፍ፣ ከአንድ ቅርጫት ሎሚ ቢወጡም በውስጣቸው ያለው ነገር አንድ አይደለም። ልዩነቱም በሽታና በቀለም አያበቃም። ስለዚህ ምክንያቱን ከማስረዳቴ በፊት አንድ ነገር ልለምንዎ፤ ይህን ጽሑፍ አንብበው እስኪጨርሱ ድረስ የገዙትን ዘይት ቆዳ ላይ በሚቆይ ቅባት ውስጥ አይጨምሩ።

መጀመሪያ ዘይቱ የት እንደሚቀመጥ እንይ። አንድ የሎሚ ልጣጭ ይውሰዱና አረንጓዴውን ፊት ወደ ሻማ ነበልባል አዙረው በሁለት ጣት አጥፈው ይጫኑት። ነበልባሉ ላይ ጠር ጠር የሚሉ ትናንሽ ብልጭታዎች ያያሉ። የሚነደው ዘይቱ ነው። በአረንጓዴው ገጽ ላይ በዓይን የሚታዩት ነጠብጣቦች እያንዳንዳቸው ዘይት የቋጠሩ ከረጢቶች ናቸው። ከሥራቸው ነጩ ስፖንጅ መሳይ ክፍል አለ፤ ከእርሱ በታች ደግሞ እጅግ ጎምዛዛው ጭማቂ። ዘይቱና ጭማቂው በተፈጥሮ አይገናኙም። ሎሚው ተጨፍልቆ ማፍያ ውስጥ ሲገባ ግን ይገናኛሉ፤ ነገሩ ሁሉ የሚጀምረውም እዚያ ላይ ነው።

እንፋሎት ዘይትን እንዴት ይዞ እንደሚወጣ ማወቅ ቀሪውን ሁሉ ያቀልልናል። በሎሚ ዘይት ውስጥ በብዛት የሚገኘው ሊሞኒን ብቻውን ቢፈላ 176 ዲግሪ ይፈልጋል። በጦስኝዎ ዘይት ውስጥ ያለው ቲሞል ደግሞ 232 ዲግሪ ገደማ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የእርስዎ ውኃ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ታዲያ 91 ዲግሪ ላይ 232 ዲግሪ የሚፈልግ ነገር እንዴት ይወጣል? ምክንያቱ ዘይትና ውኃ የማይዋሐዱ መሆናቸው ነው። ሁለት የማይዋሐዱ ፈሳሾች አብረው ሲሞቁ እያንዳንዱ ሌላው የሌለ ይመስል የራሱን ተን ይገፋል። የሁለቱ ግፊት ተደምሮ የአየሩን ግፊት ሲያክል ድብልቁ ይፈላል። ውኃው አብዛኛውን ሥራ ይሠራል፤ ዘይቱ ትንሽ ድርሻ ብቻ አዋጥቶ አብሮ ይወጣል። በማቀዝቀዣው ገንዳ ውስጥ ሲያልፉ ደግሞ ሁለቱም ፈሳሽ ሆነው ይለያያሉ፤ የሎሚ ዘይት ከውኃ ስለሚቀል ከላይ ይንሳፈፋል።

ከዚህ አንድ ሕግ እናገኛለን። በእንፋሎት የሚወጣው በዚያ ሙቀት ላይ ጥቂትም ቢሆን መትነን የሚችል ነገር ብቻ ነው። ሰም አይወጣም፤ ቀለምም አይወጣም፤ ከባድ የሆኑ ሌሎች ውሕዶችም ከድስቱ ሥር ይቀራሉ። ዘይትዎ እንደ ውኃ የጠራው ለዚህ ነው። ለጦስኝና ለባሕር ዛፍ ይህ ጉዳት የለውም፤ የምንፈልገው ሁሉ የሚተንን ነውና። የባሕር ዛፉ ሲኒዮልና የጦስኙ ቲሞል ሙቀቱን ችለው ሳይለወጡ ይደርሳሉ። በጦስኝ ላይ ብቻ አንድ ነገር ላስታውስዎ፤ ቲሞል በጥቂቱ በውኃ ውስጥ ስለሚሟሟ ዘይቱን ከለዩ በኋላ የቀረውን ሽታ ያለው ውኃ አይድፉት፤ ለሚቀጥለው ዙር መልሰው ማፍያው ውስጥ ይጨምሩት።

የቀለሙ ጥያቄ በዚህ ተመለሰ። ሽታው ግን ገና ነው፤ ምክንያቱም የልጣጩን ሽታ የሚሰጠው ነገር መትነን ይችላል። ዋናው ሲትራል ይባላል። ያለ ሙቀት በተጨመቀ የሎሚ ዘይት ውስጥ 5 በመቶ ገደማ ሆኖ ይገኛል፤ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም አፍንጫችን «ሎሚ» የሚለው በአብዛኛው በእርሱ ነው። መትነን የሚችል ከሆነ ለምን ከእንፋሎቱ ጋር አልመጣም?

ብዙ ሰው ወዲያውኑ «ሙቀቱ አጠፋው» ይላል። መልሱ ግን ግማሽ ነው። ማስረጃውን በጓሮዎ ያገኙታል። ጠጅ ሳርን በዚያው ማፍያ ቢያፈሉ ሎሚ ሎሚ የሚል ጠንካራ ዘይት ይወጣልዎታል። የጠጅ ሳር ዘይት ከግማሽ በላይ፣ ብዙ ጊዜም 70 በመቶና ከዚያ በላይ፣ ይኸው ሲትራል ነው። ሙቀቱ ያው፣ ዕቃው ያው፣ ውሕዱም ያው፤ በጠጅ ሳር ደኅና ይወጣል፤ በሎሚ ግን ይጠፋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አሲድ ነው። የሎሚ ጭማቂ የአሲድነት መለኪያው 2 አካባቢ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል። ትኩስ አሲድ ውስጥ ሲትራል ለሰዓታት ሲንገላታ ቅርጹን ይለውጥና ወደ ሌሎች ውሕዶች ይሄዳል። ሌላው የሎሚ ዘይት ክፍል ፓይኒንም በዚያው አሲድ ውስጥ ውኃ ወስዶ ተርፒኒዮል የሚባል ለስላሳ፣ አበባ አበባ የሚል ሽታ ያለው ውሕድ ይሆናል። ከእነዚህ ለውጦች መካከል ሲኒዮልም ይወለዳል፤ የባሕር ዛፉ ማለት ነው።

ስለዚህ እርስዎ ያገኙት ዘይት በልጣጩ ውስጥ የነበረው ዘይት አይደለም። ግማሹ ከልጣጩ የመጣ፣ ግማሹ ደግሞ ድስቱ ውስጥ የተሠራ ነው። ይህ ማለት ግን ተበላሽቷል ማለት አይደለም። በዓለም ገበያ ሎሚውን እንዳለ ጨፍልቆ ከነጭማቂው በእንፋሎት የሚወጣ ዘይት ራሱን የቻለ ሸቀጥ ነው፤ የኮላ መጠጦችንና የከረሜላን የሎሚ ጣዕም የሚሰጠው እርሱ ነው። ዘይትዎን ወረቀት ላይ ጠብ አድርገው ካሸተቱት በኋላ «ይህን ለስላሳ መጠጥ ውስጥ አውቀዋለሁ» ካሉ ሥራው ደኅና ሄዷል ማለት ነው። ጭስ ጭስ ወይም የተቀቀለ ጎመን የሚሸት ከሆነ ግን ጥፋቱ ሌላ ነው፤ ልጣጩ ወደ ድስቱ ሥር ወርዶ አርሮብዎታል።

ወደ ልጣጩ የቀረበ ሽታ ከፈለጉ ሎሚውን እንዲህ ይሞክሩት። ጭማቂውን ጨምቀው ለብቻ ያስቀምጡ። ልጣጩን በቀዝቃዛ ውኃ ፈጥነው ያለቅልቁ፤ ከዚያም ውኃው ውስጥ ሳይሆን ከውኃው በላይ በተቀመጠ ወንፊት መሳይ ማረፊያ ላይ ዘርግተው እንፋሎቱ ከሥር ወደ ላይ እንዲያልፍበት ያድርጉ። አሲዱ ስለሚቀንስና ልጣጩ ከፈላው ውኃ ጋር ስለማይነካካ የተሻለ ሲትራል ይተርፋል፤ ማረሩም ይቀራል። ያንኑ ቀን ከዚያው ሎሚ ያንኑ ያህል ጨፍልቀው ከነጭማቂው ያፍሉና ሁለቱን ጠርሙስ ጎን ለጎን ያሽትቱ፤ የአሲዱን ሥራ ከእኔ ጽሑፍ ይልቅ አፍንጫዎ ያስረዳዎታል። አንድ ማሳሰቢያም አለኝ፤ የዚንክ ልባጥ ያለው ቆርቆሮና በእርሳስ የተበየደ መገጣጠሚያ ለባሕር ዛፍ ብዙም ባይታወቅብዎ ከሎሚ አሲድ ጋር ፈጽሞ አይስማማም። ለሎሚ የሚሆነው የማይዝግ ብረት ነው።

አሁን ወደ ገዙት ዘይት እንሂድ። ያለ ሙቀት የሚጨመቅ ዘይት ምንም ምርጫ አይደረግበትም። ከረጢቱ ሲፈነዳ ውስጡ ያለው ሁሉ ይፈስሳል፤ የሚተንነውም የማይተንነውም፣ ሰሙም ቀለሙም። ሲትራሉም አሲድና ሙቀት ሳያገኘው እንዳለ ይደርሳል። ሽታው የልጣጩ ሽታ የሆነው ለዚህ ነው፤ የልጣጩን ሽታ ለሚፈልግ ይህን የሚስተካከለው የለም። ነገር ግን ከማይተንኑት መካከል ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ውሕዶች አሉ፤ ከእነርሱ አንዱ ቤርጋፕቴን ነው። እነዚህ ቆዳ ላይ ብቻቸውን ምንም አያደርጉም። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያገኛቸው ግን ይነቃሉ፤ የቆዳውንም ሕዋስ ያቃጥላሉ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሸዋ ሮቢት ውስጥ መንገድ ዳር ጭማቂ የምትሸጥ አንዲት ወጣት አግኝቼ ነበር። ከአውራ ጣቷና ከሌባ ጣቷ መካከል የቡና አተላ የመሰለ ጥቁር ጠባሳ ነበረባት፤ ከእጅ አንጓዋ ወደ ክንዷም ውኃ ሲንጠባጠብ የሚተወውን የመሰለ ቀጭን መስመር ወርዷል። «ምች መቶኝ ነው» አለችኝ። ሎሚ የምትጨምቀው በዚያች እጅ እንደሆነ ጠየቅኋት፤ አዎን አለች። መስመሩ ጭማቂው የፈሰሰበት መንገድ ነበር። ምች ብላ ከፀሐይ ጋር ማያያዟ ትክክል ነው፤ ያልጠረጠረችው ሎሚውን ነው። አለመጠርጠሯም አይገርምም፤ ቃጠሎው ፀሐዩ እንደነካ አይታይምና። መቅላቱና ውኃ መቋጠሩ የሚመጣው ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ነው፤ ጥቁረቱ ደግሞ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል። ያቺን ወጣት የጎዳት ልጣጩ ሲጨመቅ ከጭማቂው ጋር የወጣው ጥቂት ዘይት ነው። እርስዎ ቅባት ውስጥ የሚጨምሩት ግን የተሰበሰበ፣ የጠነከረ ዘይት ነው። ደንበኛዎ ተቀብቶ ወደ ሥራ ሲወጣ ደግሞ የሚያገኘው የደብረ ብርሃን ፀሐይ ነው፤ አየሩ ቀዝቅዞ ሰው ጋቢ ቢለብስም በዚህ ከፍታ ላይ ጨረሩ ከቆላው ይበረታል።

እንግዲህ እንፋሎት የማይሸከመው ነገር ላይ ያልሁትን ያስታውሱ። ቤርጋፕቴን ከእንፋሎቱ ጋር አይወጣም፤ ድስቱ ሥር ይቀራል። ዘይትዎን ሽታ ያሳጣው መንገድ ከዚህ አደጋ አጽድቶታል። ዓለም አቀፉ የሽቶ ማኅበር ያለ ሙቀት ለተጨመቀ የሎሚ ዘይት ቆዳ ላይ በሚቆይ ነገር ውስጥ 0.7 በመቶ ጣሪያ ሲያስቀምጥ፣ በእንፋሎት ለወጣው ይህን የፀሐይ ገደብ አላኖረበትም። 0.7 በመቶ ማለት በ100 ሚሊ ሊትር ቅባት ውስጥ 14 ጠብታ ያህል ነው። ሌላ የተጨመቀ የብርቱካን ወገን ዘይት አብሮ ካለ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። የእኔ ፍርድ ግልጽ ነው፤ ፊት፣ አንገትና እጅ ለሚቀባ ነገር በእንፋሎት ያወጡትን ይጠቀሙ። የገዙት ለሳሙናው ይሁን፤ ታጥቦ ስለሚሄድ ያ ጣሪያ አይነካውም።

ግን የገዙት በእርግጥ የተጨመቀ ነው? ብልቃጡ ላይ ካልተጻፈ በሦስት መንገድ መመርመር ይችላሉ። አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ ያድርጉና እስከ ማግስቱ ይተዉት። በእንፋሎት የወጣ ዘይት ምልክት ሳይተው ይበናል። የተጨመቀ ከሆነ ደብዘዝ ያለ ቢጫ ቀለበት ይቀራል፤ ሰሙና ቀለሙ ነው። እንደ ዘይት ወጥ ሰፊ ሆኖ የሚቀር፣ ወረቀቱን ብርሃን የሚያሳልፍ እድፍ ካዩ ግን የምግብ ዘይት ተቀላቅሎበታል። ሁለተኛው ማቀዝቀዣ ውስጥ ማሳደር ነው፤ የተጨመቀው ይደፈርሳል፤ ሥሩም ላይ ዝቃጭ ይይዛል። ሦስተኛውን እኔ በጣም እወደዋለሁ። ሱቆች ሐሰተኛ ብር የሚለዩበትን ሐምራዊ መብራት ይዋሱና ክፍሉን አጨልመው ሁለቱን ዘይት በንጹሕ ብርጭቆ ያብሩባቸው። የተጨመቀው ወደ ሰማያዊ ያዘነበለ ብርሃን ይሰጣል፤ የእርስዎ እንደ ጨለማ ውኃ ዝም ይላል። የሚያበሩት እነዚያው ኩማሪኖችና ዘመዶቻቸው ናቸው። ይህን ግን ወረቀት ላይ አይሞክሩት፤ ነጭ ወረቀት ራሱ በዚያ መብራት ስለሚያበራ ያታልልዎታል። ከዚህም ጋር የሚያበራ ነገር አስመስሎ መጨመር ስለሚቻል ሦስቱም ምልክቶች አብረው ሲገጥሙ ብቻ ይመኑ።

ለሳሙናዎ ራስዎ መጭመቅ ከፈለጉ አይከብድም፤ የሚገኘው ግን ጥቂት ነው። ያልበሰለ አረንጓዴ ሎሚ ይምረጡ። አረንጓዴውን ገጽ ብቻ በደቃቅ መፈቅፈቂያ በስሱ ይፈቅፍቁ፤ ነጩ ክፍል ሲገባበት ዘይቱን ይመጠዋል። የተፈቀፈቀውን ጥቂት ቀዝቃዛ ውኃ አርከፍክፈው በጠንካራ ጨርቅ ይጭመቁ። የሚወጣው እንደ ወተት የደፈረሰ ነው፤ ፋብሪካዎች በሚሽከረከር ማሽን ይለዩታል፤ እርስዎ ጠባብ አንገት ባለው ብልቃጥ አድርገው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያሳድሩትና ከላይ የሚንሳፈፈውን ይቅዱ። ከማግስቱ በላይ ከውኃው ጋር አያቆዩት፤ በውኃው ውስጥ ያለው አሲድ ቀስ እያለ እዚያም ሥራውን ይሠራል። ዘይቱን እስከ አፉ በሞላ ጥቁር ብልቃጥ በቀዝቃዛ ቦታ ያኑሩ። ሊሞኒን አየር ሲያገኝ ይበላሻል፤ የተበላሸውም ቆዳን ያስቆጣል። ፕላስቲክ ዕቃ አይጠቀሙ፤ ይህ ዘይት ብዙ ዓይነት ፕላስቲክን ያለሰልሳል፤ አንዳንዱንም ያሟሟል።

የጠምበለል ነገር የተለየ ነው። አበባው የሚጨመቅ ከረጢት የለውም፤ እንፋሎት ደግሞ ስስ ሽታውን ያበስለዋል። በዓለም ገበያ ጃስሚን የሚባለው የጠምበለል የቅርብ ዘመድ ነው፤ እርሱም የሚወጣው በአሟሚ ነው። አበባው ሄክሴን በሚባል ፈሳሽ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ሄክሴኑ የሚሟሟውን ሁሉ፣ ሽታውን ከነሰሙ ከነቀለሙ፣ ይዞ ይወጣል። ሄክሴኑ ሲተን ሰም የመሰለ ጠንካራ ነገር ይቀራል፤ ከ1,000 ኪሎ አበባ 3 ኪሎ ገደማ። ይህንን በአልኮል አጥበው፣ አቀዝቅዘው ሰሙን ካጣሩት በኋላ ግማሽ ያህሉ ጥቁር ቀይ ሽቶ ሆኖ ይተርፋል።

አሟሚ ከእንፋሎት የተለየ ነገር እንደሚያመጣ የጽጌረዳን ያህል የሚያሳይ የለም። የጽጌረዳ አበባ ፌኒል ኢታኖል የሚባል ማር ማር የሚል ሽታ በብዛት አለው፤ ይህ ውሕድ በውኃ ይሟሟል። በእንፋሎት ሲወጣ አብዛኛው ከዘይቱ ተለይቶ ውኃው ውስጥ ይቀራል፤ ዘይቱ ውስጥ የሚገኘው ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። በአሟሚ በወጣው ውስጥ ግን ከግማሽ በላይ እርሱ ነው። ስለዚህ የጽጌረዳ ውኃ ከጽጌረዳ ዘይት ይልቅ አበባውን የሚመስልባቸው ጊዜያት አሉ።

ሄክሴንን ግን ቤትዎ አያስገቡ፤ ቤንዚንንም እንዲሁ። ተናቸው ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ተስቦ ሄዶ ከሌላ ክፍል ምድጃ እሳት ይዞ ይመለሳል፤ ተኖ ያለቀ ሲመስልም ቅሪቱ ሽቶው ውስጥ ይቀራል። አረቄ ላይ መዘፍዘፍም ብዙ አይረዳዎትም፤ ግማሹ ውኃ ስለሆነ የአበባውን ስኳርና ጭማቂ እየሳበ ይደፈርሳል።

ለእርስዎ የሚሆነው አሮጌው መንገድ ነው፤ በስብ ማውጣት። ለጋ ቅቤ ክፍት ካደረ የጓዳውን ሽታ ሁሉ እንደሚስብ ያውቃሉ። ያንኑ ጠባዩን ለአበባው ያውሉት። ነገር ግን የቅቤው የራሱ ሽታ ጠምበለልን ስለሚሸፍነው ሽታ የሌለው የተጣራ የአትክልት ስብ ይሻላል። ስቡን በመስታወት ላይ በአንድ ጣት ውፍረት ግማሽ ያህል ይለቅልቁት፤ ጤዛው የደረቀለትን የዛሬ አበባ፣ እምቡጡንና ቅጠሉን ለቅመው ካወጡለት በኋላ፣ ፊቱን ወደ ታች ይደርድሩበት፤ ሌላ መስታወት ይክደኑበት። ጃስሚን ከተቀጠፈ በኋላም ለሰዓታት ሽታ መሥራቱን አያቆምም፤ አሟሚ ወይም እንፋሎት ወዲያው ሲገድለው ስቡ ግን ይጠብቀዋል። በማግስቱ የደከመውን አበባ አንስተው አዲስ ይተኩ፤ ይህን 20 እና 30 ጊዜ ይደጋግሙ። ሽታውን የሳበው ስብ በቀጥታ ለቅባትዎ ይሆናል፤ ምንም ማፍላት አያስፈልገውም። በየቀኑ አበባውን ሲያነሱ ስቡ ላይ የቀረ የውኃ ነጠብጣብ ካለ በንጹሕ ጨርቅ ጫፍ ይንኩት፤ ሻጋታ የሚጀምረው ከዚያች ነጠብጣብ ነው።